አባቴ አዲሱን ጫማ ካደረጉ ወዲህ አያዳልጣቸውም፣ ግን ይደናቀፋሉ

በኩር

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 79 ዓመታቸው ነው። ቤት ውስጥ ለዓመታት ያደረጉት ኋላው ክፍት የሆነ ሸበጥ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ሸበጡ ወደ ፊት ሾለከ፣ ግድግዳውን ባይደገፉ ኖሮ በጀርባቸው ነበር የሚወድቁት። የእጅ አንጓቸው አበጠ፣ ራጅ ሲነሳ ግን አጥንቱ ደህና ነው ተባለ።

በማግስቱ ሸበጡን ጣልኩና ስፖርት ጫማ ገዛሁላቸው። ሶሉ ወፍራም ነው፣ ሲረገጥ እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል፣ ከሥሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ጎማ አለው፣ በክር ይታሰራል። ማዳለጡ በርግጥ ቆመ። ነገር ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ በአፍጢማቸው ሊደፉ ለጥቂት ተረፉ፤ ሁለቱም ጊዜ ከሴራሚኩ ወደ ምንጣፉ ሲሻገሩ ነው። «ጫማው ይይዘኛል» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የገዛሁት እንዲይዝ ነው! የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ጎማው

ወንድሜ፣ ጎማው ላይ አልተሳሳትክም። የሚይዝ ሶል ባይኖር ያኔ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የሆነው ይደገማል። ችግሩ ክሩ ነው። ክር ሲፈታ ይረገጣል፣ ከዚያ መደፋት ነው። ክሩን አውጣና በሚለጠጥ ክር ቀይርላቸው፣ አንዴ ከታሰረ አይፈታም። ቤት ውስጥ ደግሞ ጫማ ምን ያደርግላቸዋል? ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ካልሲ አድርግላቸው፣ ወይ በባዶ እግራቸው ይሂዱ። እግር ወለሉን ሲነካ ነው ሚዛን የሚጠብቀው።

ቀስ ብሎ መራመድ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። በኩር፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር አይተህ ንገረኝ። አንደኛ ጫማውን ገልብጠውና ጎማው የት ጋ እንደተፋቀ ተመልከት፣ ጫፉ ላይ ነው ወይስ ተረከዙ ጋ? ሁለተኛ ሌላ ክፍል ሆነህ አካሄዳቸውን አዳምጥ። ሦስተኛ የጫማው የኋላ ግድግዳ ቆሟል ወይስ ተረግጦ ተኝቷል?

ጠያቂ

እኔም ተረከዜን በጣም ያመኛል፣ በተለይ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ የመጀመሪያው እርምጃ። ለዚህ ለስላሳ ሶል ነው የሚሻለው ማለት ነው?

ቀስ ብሎ መራመድ

ጠያቂ፣ ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለብቻው ክፈተውና እዚያ እናውራ። እዚህ «ተረከዝ» ስንል ስለ ጫማው ኋላ ነው፣ ስለ ሕመም አይደለም። ለአንተ የሚመቸው ልስላሴ ለእሳቸው ጠላት ሊሆን ይችላል።

በኩር

አየሁት። የሁለቱም ጫማ አፍንጫ ተፍቆ ነጥቷል፣ የቀኙ ይብሳል። ተረከዙ ጋ ያለው ጥርስ ገና ከሱቅ እንደወጣ ነው። ድምፁ «ሽው... ሽው...» ነው፣ እንደ መጥረጊያ። እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፣ ለካ ከሸበጡ ጊዜ ጀምሮ ለምዶብኛል። የኋላ ግድግዳውማ አልቆለታል። አጎንብሰው ክር ማሰር ስለማይችሉ አንዴ ላላ አድርጌ አስሬላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ኋላውን ረግጠው እግራቸውን ያስገባሉ። በአጭሩ ስፖርት ጫማውን ሸበጥ አድርገውታል።

ቀስ ብሎ መራመድ

ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። ማዳለጥና መደናቀፍ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው፣ የሚደርሱትም በተለያየ የእርምጃ ቅጽበት ነው። የሚያዳልጠው የፊተኛው እግር ተረከዝ ወለሉን ሲነካ ነው። ክብደታችን ገና ሊያርፍበት ሲል ተረከዙ ወደ ፊት ያመልጣል። ስለዚህ መያዝ ያለበት በዋናነት የጫማው የኋላ ጠርዝ ነው። የሚያደናቅፈው ግን ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት የሚያልፈው እግር ነው። ጤነኛ ሰው እንኳን በዚያ ቅጽበት የጫማውን ጫፍ ከወለሉ የሚያነሳው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አባትህ ጭራሽ አያነሱም፣ ይጎትታሉ። ሸበጡ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ይህ አይታወቅም ነበር። አሁን ግን ተረከዛቸውን የሚያድነው ያው ጎማ አፍንጫው ጋ ምንጣፉን ይነክሳል፤ እግራቸው ሲቆም ሰውነታቸው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። «ይይዘኛል» ያሉህ እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ውፍረቱና ልስላሴው ነው። ለስላሳ ሶል ላይ እግር ይሰምጣል፣ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ውስጥ እግራቸውም ወለሉ የት እንዳለ በደንብ አይነግራቸውም። ወጣት በቁርጭምጭሚቱ ቶሎ ያስተካክለዋል፣ የ79 ዓመት ሰው ይዘገይበታል። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት ደስ የሚለው ሶል እግር ላይ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። ለሚዛን የሚሻለው ቀጠን ያለና ጠንከር ያለ ሶል ነው፣ የተረከዙም ከፍታ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ።

አንድ ነገር ግን ከጫማ በፊት ይቀድማል። እግር መጎተቱ በቅርብ ወራት የጀመረ ወይም የባሰ ከሆነ፣ ወይም የቀኙ ከግራው ከለየ፣ ሐኪም ይያቸው። እግርን የሚያስጎትት በሽታ አለ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒትም አለ። ጫማ ያንን አይፈውስም።

ጎማው፣ ስለ ካልሲውና ስለ ባዶ እግሩ በግማሹ ልክ ነህ። እግር ወለሉን መስማት አለበት ያልከው እውነት ነው። ነገር ግን አረጋውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቤት ውስጥ በካልሲ ወይም በባዶ እግር የሚሄዱት ጫማ ካደረጉት ይበልጥ እንደሚወድቁ ነው ያሳዩት። ባለ ነጠብጣቡ ካልሲም እግር ላይ ይዞራል፣ ነጠብጣቡ በላይ በኩል ሲመጣ ከሥር የቀረው ተራ ካልሲ ነው።

ጎማው

አልተዋጠልኝም። በካልሲ የሚሄዱት ድሮውንም የደከሙት ሰዎች ቢሆኑስ? ጫማ ማድረግ ያቃተው ነው በካልሲ የሚቀረው። ታዲያ ጥፋቱ የካልሲው ነው የድካሙ?

ቀስ ብሎ መራመድ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጥናቱም ይህን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ሆኖም ካልሲ ለብሶ ልሙጥ ወለል ላይ መሄድ ያዳልጣል ለማለት ጥናት አያስፈልገኝም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የእማ ልጅ

እኔ የእናቴን ልንገራችሁ። እግሯ ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ጠዋት የገዛንላት ጫማ ማታ አልገባ ይላል፣ ስለዚህ እሷም እንደ አባትህ ኋላውን ትረግጠው ነበር። ቁጥሩን ከፍ አደረግንላት፣ ጠዋት ጠዋት እግሯ ውስጡ ይዋኛል። በመጨረሻ የረዳን ሁለት ሰፋፊ የቬልክሮ ማሰሪያ ያለው፣ ምላሱ እስከ ጣቶቿ ድረስ የሚከፈት ጫማ ነው። ጠዋት ጠበቅ፣ ማታ ላላ። የገዛነውም ማታ ነው፣ እግሯ ሲያብጥ ለክተን።

ግን ቬልክሮም ጣጣ አለው። ከስድስት ወር በኋላ ስትራመድ በራሱ «ጠረር» ብሎ ይለቃል። አሮጌ ነው ብለን ልንጥለው ስንል ልጄ ሻካራውን ጎን አየና «እማማ፣ ይኼ ሁሉ ጸጉር ምንድነው?» አለ። ከምንጣፍና ከካልሲ የለቀመው ብናኝ ሞልቶታል! በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በመርፌ ለቀምነው፣ እንደገና መያዝ ጀመረ። አሁን በየሳምንቱ አየዋለሁ።

መርፌና ወስፌ

ጫማ ሰፊ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ፊዚዮዋ (ወይም ፊዚዮው፣ ይቅርታ) የተናገሩት ትክክል ነው፣ እኔ የማክለው የእጅ ሙያውን ነው።

ጫማ ስትገዛ ከእግር በፊት በእጅ ፈትነው። የኋላ ግድግዳውን በአውራ ጣትህ ከላይ ከጠርዙ ዝቅ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋው። ታጥፎ ከተኛ ተወው፣ አባትህ በሳምንት ያደቁታል። ትንሽ ሸፈፍ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ቀጥሎ አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘህ እጠፈው፣ መታጠፍ ያለበት ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ላይ እንጂ መሃል ወገቡ ላይ አይደለም። ከዚያ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዘው። በቀላሉ ከተጠመዘዘ ሰውየውም አብሮ ይጠመዘዛል።

ሶሉን ገልብጥና ከኋላ ጠርዙ ጋ ቀና ብሎ የተሞረደ መሆኑን እይ፣ ከወለሉ ወደ 10 ዲግሪ ያህል። ሹል ማዕዘን ያለው ታኮ መጀመሪያ የሚነካው በአንዲት ክር በምታህል መስመር ነው፣ የተሞረደው ግን ሰፋ ባለ ገጽ ያርፋል። ይህን እኔ በሞረድ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ እሠራዋለሁ፣ ሶሉ ድፍን ጎማ ከሆነ። ውስጡ ባዶ ወይም ስፖንጅ ከሆነ ግን አትነካካው፣ ውኃ ይጠጣል። አፍንጫውም ወደ ላይ ቀና ያለ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ከአፍንጫው ሥር ትንሿ ጣትህ ትንሽ ከገባች ይበቃል።

ለሚጎትት እግር ደግሞ የአፍንጫውን ጎማ ፍቄ ቀጭን ቆዳ የምለጥፍላቸው ደንበኞች አሉኝ፣ ሦስት ጣት የምታህል። ተረከዙ ይይዛል፣ አፍንጫው ምንጣፍ ላይ ይንሸራተታል።

ቀስ ብሎ መራመድ

ቆዳው ላይ አልስማማም። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ምንጣፍ ላይም ይሠራል። ግን ቆዳ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አባትየው ደግሞ የሚወጡት ከመታጠቢያ ቤት ነው። ደረጃ ሲወጡም ሆነ ከወንበር ሲነሱ የሚገፉት በጣታቸው በኩል ነው፣ ያ ቦታ ከከዳቸው አስቡት።

መርፌና ወስፌ

ለዚህ ነው ጫፉ ላይ ብቻ የምለጥፈው፣ ጣት የሚገፋበት ቦታ ላይ አልደርስም። እስከ ዛሬ ማንም ተመልሶ አላማረረም።

ቀስ ብሎ መራመድ

የወደቀ ሰው ወደ ጫማ ሰፊ አይመለስም፣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ይቅርታ፣ ለቀልድ ነው። ቢያንስ ምንጣፉን ማንሳት ይቀድማል እላለሁ።

በኩር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ጋ ሄደናል፣ አንድ የእንቅልፍ መድኃኒት ቀንሶላቸዋል፣ አካሄዳቸውንም እየተከታተለ ነው። አሁን ስለ ጫማው ልንገራችሁ፣ በዚህ ሳምንት ያገኘሁት አሳፍሮኛል።

ማታ ካልሲ እንዳደረጉ ወረቀት ላይ አቆምኳቸው፣ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጌ ዙሪያውን ነደፍኩ። ቀኙ 26.4 ሴንቲ ሜትር፣ ግራው 25.9 ሆነ። ከዚያ የገዛሁትን ጫማ የውስጥ ገበር አውጥቼ ለካሁ፣ 28.6! ከረጅሙ እግር እንኳ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ይተርፋል። ለምን? ቁጥሩን ያየሁት ከድሮ ጫማቸው ነው፣ ያ ደግሞ ለስፋት ብለው ረዘም ያለ የገዙት ነበር። በስፋት በኩልማ ያው ገበር ከወረቀቱ ንድፍ ይጠባል፣ ትንሿ ጣታቸው ጋ ንድፉ ከገበሩ ይወጣል። ማለትም ረጅምና ጠባብ ጫማ ገዝቼላቸው ኖሯል። ያ ትርፍ አፍንጫ ነው ምንጣፉን ሲነክስ የከረመው።

አዲሱን ስገዛ ንድፉን በመቀስ ቆርጬ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ሳቀብኝ፣ ግን ገበሩን እያወጣሁ ወረቀቱን ሳስተኛበት ዝም አለ። ስድስት ጫማ ሞክሬ አንዱ ገጠመ፣ 27.5 ነው፣ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል፣ ጎኑም ይበቃል። ሶሉ ቀጠን ያለ ጎማ ነው፣ በጥፍሬ ስጫነው ትንሽ ብቻ ይገባል። ሁለት ቬልክሮ አለው። የኋላ ግድግዳውም በአውራ ጣቴ አልተኛልኝም። ታኮው ግን ሹል ነው፣ መርፌና ወስፌ እንዳሉት ሰፈር ያለ ባለሙያ እንዲሞርደው አደርጋለሁ። ቆዳውን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ምንጣፉን ጠቅልዬ አነሳሁት።

መርፌና ወስፌ

ጎሽ። አንድ ነገር ልጨምር፣ «ለክፉ ቀን» ብለህ ሁለተኛ ጥንድ ገዝተህ ካርቶን ውስጥ እንዳታስቀምጥ። ስፖንጅ መሰል ሶል ሳይለበስም ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። አንድ ደንበኛዬ ለዓመታት ያስቀመጡትን አዲስ ጫማ አድርገው ወጡ፣ መንገድ ላይ ሶሉ እንደ ደረቅ አይብ ተፈርፍሮ ባዶ ገበር ላይ ቀሩ። ድፍን ጎማ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ሲያረጅ ይደርቃል፣ ጥርሱ ሳያልቅ መያዙን ይተዋል። በጥፍርህ ስትጫነው እንደ ፕላስቲክ ከሆነብህ ጊዜው አልፏል።

የእማ ልጅ

በኩር፣ ቬልክሮውን ራሳቸው ይዘጉታል? እናቴ መጀመሪያ ማሰሪያው አጭር ስለነበር ጫፉን መያዝ ያቅታት ነበር። ጫፉ ላይ ቀለበት ሰፍተንላት ነው ጣቷን አስገብታ መሳብ የቻለችው። በዝቶ ከረዘመ ደግሞ ወለል ይነካና ሌላኛው እግር ይረግጠዋል።

በኩር

ቀን ላይ ራሳቸው ይዘጋሉ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ትንሽ በርጩማ ላይ አድርገው። ረጅም እጀታ ያለው የጫማ ማንኪያም ገዛሁላቸው፣ ኋላውን መርገጥ ቀንሷል። «ሽው» የሚለው ድምፅም ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

ያልተፈታው ሌሊቱ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ተደብቄ ሰዓት ያዝኩባቸው፣ ሁለቱን ጫማ አድርገው እስኪነሱ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ነበር። «እስኪታሰር ድረስ አይጠብቀኝም» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በካልሲ ይሄዳሉ።

ጎማው

አላልኩም? ካልሲ!

ቀስ ብሎ መራመድ

ጎማው ዛሬ ደስ ብሎታል። በኩር፣ ለሌሊት ሌላ ጥንድ ነው የሚያስፈልጋቸው። ኋላው የተዘጋ፣ አፉ ሰፊ፣ አንድ ቬልክሮ ብቻ ያለው የቤት ጫማ ፈልግ፣ ሶሉ ያው ቀጭን ጎማ ይሁን፣ ጸጉራም ለስላሳውን አይደለም። ማታ ቬልክሮው ክፍት ሆኖ፣ አፍንጫው ወደ ሚሄዱበት ዞሮ፣ እግራቸው ከአልጋ ሲወርድ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ መንገዱ መሃል አይሁን፣ ራሱ እንዳያደናቅፍ። አጎንብሰው አይፈልጉት፣ ከእንቅልፍ ተነስቶ ማጎንበስ ያዞራል። አንዳንድ ታካሚዎቼ ይህንን ለምደውታል፣ አንዳንዶቹ በፍጹም። ያልለመዱት ጋ ሽንት መቅጃውን ወደ አልጋው ነው ያመጣነው።

በኩር

የሽንት መቅጃውን ነገር አንስቼባቸው ነበር፣ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። የቤት ጫማውን ልሞክር። ቁራጭ ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።